ቀኑ ያለፈበት ረድፍ በራሱ እንዲቀላ

በቡድን የሚሠራ ሥራ ሁሉ ዝርዝር አለው፤ ዝርዝሩም ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው በኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ሥራው ምንድን ነው፣ ማን ይሠራዋል፣ መቼ መድረስ አለበት፣ አሁን ከምን ደርሷል የሚሉት በየአምዳቸው ይሰፍራሉ። ይሁን እንጂ ሃያ አራት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ እንዲሁ ሲያዩት ሁሉም አንድ መልክ ነው። ቀኑ ካለፈ ሳምንት የሆነው ሥራም ገና ወር የቀረውም እኩል ነጭ ናቸው። የዘገየውን ለማግኘት አንድ ሰው ተቀምጦ ቀኖቹን አንድ በአንድ ማንበብ አለበት፤ ይህንንም አንድ ሁለት ጊዜ ያደርገው ይሆናል እንጂ በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቸዋል።

ኤክሴል ይህንን ንባብ በየቀኑ ሳይሰለች የሚሠራ መሣሪያ አለው፤ በስክሪኑ ላይ ስሙ Conditional Formatting ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ጥያቄ እንጽፍለታለን፤ የጥያቄው መልስ «እውነት» በሆነበት ቦታ ሁሉ የመረጥነውን ቀለም ይቀባል፤ «ሐሰት» በሆነበት ቦታ አይነካም። በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው ጥያቄው እንዴት እንደሚጻፍና፣ በተለይም ደግሞ በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር የተሞላ ሠንጠረዥ ላይ ለምን መልሱ እንደሚሳሳት ነው። የሁለተኛው ነገር በመመሪያ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ እኛን የሚያውከን ግን እሱ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ለማስተማር ልምምድ የሚዘጋጁ ሃያ አራት የትምህርት መርጃ መሣሪያዎችን የያዘ ሠንጠረዥ እንውሰድ። ሥራዎቹ ለአራት ቡድን ተከፋፍለዋል። ከነዚህ አንዱ በጊዜው ካልደረሰ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሠልጣኝ ባዶ እጁን ሕፃናት ፊት ይቆማል፤ ስለዚህ መዘግየቱ መታወቅ ያለበት ገና ሳምንት ሳለ ነው እንጂ በመውጫው ዋዜማ አይደለም።

የሠንጠረዡ አንደኛ ረድፍ ርእስ ነው። A ተራ ቁጥር፣ B ሥራው፣ C ኃላፊው ቡድን፣ D ቀን፣ E ወር፣ F ዓመት፣ G መድረሻው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ H ደግሞ ሁኔታው ነው። ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ለምን በሦስት አምድ እንደተለያዩ፣ የፈረንጁ ቀንስ ለምን እንዳስፈለገ ወረድ ብለን እንመጣበታለን። ከሃያ አራቱ አራቱን ብቻ እናንሣ። በ2ኛው ረድፍ ላይ ከካርቶን የሚቆረጡ የክፍልፋይ ክበቦች አሉ፤ መድረሻቸው ኅዳር 5 ቀን 2018፣ ሁኔታቸው «ተፈጽሟል» ነው። በ3ኛው ረድፍ በአቡጀዲ ላይ የሚጻፍ የፊደል ገበታ፣ መድረሻው ኅዳር 15፣ ሁኔታው «በሂደት ላይ»። በ4ኛው ረድፍ ከወረቀት ልቁጥ የሚሠራ የኢትዮጵያ ካርታ፣ መድረሻው ኅዳር 20፣ እሱም «በሂደት ላይ»። በ5ኛው ረድፍ የእንጨት ሚዛን፣ መድረሻው ታኅሣሥ 10፣ «አልተጀመረም»። ዛሬ ኅዳር 20 ቀን 2018 ነው እንበል። የትኛው ረድፍ መቅላት አለበት? የፊደል ገበታው ብቻ። ክበቦቹ ቀናቸው ቢያልፍም አልቀዋል፤ ካርታው ዛሬን ጨምሮ ጊዜ አለው፤ ሚዛኑ ገና ነው።

ይህንን ፍርድ በኤክሴል ቋንቋ ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

```
=AND($G2<>"",$G2<TODAY(),$H2<>"ተፈጽሟል")
```

ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ላይ ናቸው፤ AND የሚለው ሦስቱም እውነት ካልሆኑ አይቀባም ማለቱ ነው። አንደኛው፣ መድረሻ ቀን ተጽፏል ወይ? ሁለተኛው፣ ቀኑ ከዛሬ ያነሰ ነው ወይ? ሦስተኛው፣ ሥራው ገና አላለቀም ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። ኤክሴል ባዶ ሴልን ከቀን ጋር ሲያወዳድር እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል፤ ዜሮም ከማንኛውም ቀን ያንሳል። ስለዚህ ያ ጥያቄ ባይኖር ኖሮ በG ላይ ምንም ያልተጻፈበት ሥራ ሁሉ ዘገየ ተብሎ ይቀላ ነበር።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። A2 ላይ ጠቅ አድርጋችሁ ማውሱን ሳትለቁ እስከ H25 ድረስ ወደ ታች ጎትቱ። ርእሱን አትምረጡ። ከዚያ Home የሚለው ገጽ ላይ Conditional Formatting፣ ቀጥሎ New Rule፣ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ደግሞ Use a formula to determine which cells to format የሚለውን ምረጡ። በባዶው ቦታ ላይ ከላይ ያለውን ቀመር ጻፉ። Format ብላችሁ Fill በሚለው ሥር ፈዘዝ ያለ ቀይ ምረጡ፤ ደማቁን ቀይ የመረጠ ሰው ጽሑፉ አይነበብለትም። OK፣ እንደገና OK። አለቀ። በጉግል ሺትስ ለሚሠሩም ቀመሩ ያው ነው፤ እዚያ የሚጻፈው Format ከሚለው ሥር Conditional formatting፣ ከዚያ Custom formula is በሚለው ቦታ ነው።

አሁን ስለ ዶላር ምልክቷ እንነጋገር፤ ሙሉው ረድፍ የሚቀላው በእሷ ምክንያት ነውና። ቀመሩን የጻፍነው አንድ ጊዜ ቢሆንም ኤክሴል ለተመረጠው ሴል ሁሉ እየቀያየረ ያነበዋል። ወደ ታች አንድ ረድፍ ሲወርድ 2 የነበረው 3 ይሆናል፤ ወደ ቀኝ አንድ አምድ ሲሄድ G የነበረው H ይሆናል። ወደ ታች መቀያየሩን እንፈልገዋለን፤ እያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቀን ማየት አለበትና። ወደ ቀኝ መቀያየሩን ግን አንፈልግም፤ የሥራው ስም ያለበት ሴልም፣ የቡድኑ ስም ያለበት ሴልም ሁሉም ዞረው G ን እንዲያዩ ነው የምንሻው። ከፊደሏ በፊት የገባችው $ «ከዚህ አምድ አትውጣ» የምትል ናት።

ምልክቷ ብትቀር ምን እንደሚሆን በምሳሌያችን እንየው። በ3ኛው ረድፍ A3 ትክክለኛውን G3 ያይና ይቀላል። B3 ግን አንድ አምድ ተገፍቶ H3 ን እንደ ቀን ያያል፤ እዚያ ያገኘው «በሂደት ላይ» የሚል ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ በኤክሴል ዘንድ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ ስለዚህ አይቀላም። ሌሎቹም ወደ ባዶ አምዶች ይመለከታሉ። በውጤቱም ተራ ቁጥሩ ብቻ ቀልቶ ሌላው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ካያችሁ የጠፋው ምን እንደሆነ ወዲያው ታውቁታላችሁ። በተቃራኒው $G$2 እና $H$2 ብሎ ቁጥሩንም ያሠረ ሰው ሃያ አራቱም ረድፎች የመጀመሪያውን ሥራ ቀንና ሁኔታ ብቻ እንዲያዩ ያደርጋል። በእኛ ምሳሌ ክበቦቹ ስላለቁ ሠንጠረዡ በሙሉ ነጭ ይሆናል፤ ሁሉም ደህና ነው ይላል፤ የፊደል ገበታውም ተሸፍኖ ይቀራል።

ሌላም አንድ ምልክት አለ። ቀዩ ትክክለኛ ሆኖ ነገር ግን አንድ ረድፍ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ማለትም የፊደል ገበታው ዘግይቶ ያለቁት ክበቦች ከቀሉ፣ ምርጫው የጀመረው ከርእሱ ረድፍ ነው ማለት ነው። ቀመሩ የሚነበበው ምርጫው ከተጀመረበት ሴል አንጻር ነው። ከ1ኛው ረድፍ ጀምሮ መርጦ $G2 ብሎ መጻፍ «ከበታችህ ያለውን እይ» እንደ ማለት ይቆጠራል። Manage Rules ገብቶ Applies to በሚለው ቦታ ላይ ከየት እስከ የት እንደተመረጠ ማየት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ከሥር ከመሠረቱ ደንቡን አጥፍቶ ከA2 ጀምሮ እንደ ገና መጻፉ ይፈጥናል።

እስካሁን ያለው በማንኛውም አገር ያለ ነገር ነው። ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ።

ኤክሴል ቀንን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 እሱ ዘንድ 1 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ እየጨመረ ይቆጥራል። ኖቬምበር 24 ቀን 2025 ላይ ሲደርስ 45985 ይሆናል፤ ኖቬምበር 29 ደግሞ 45990። እንግዲህ «ቀኑ አልፏል» ማለት ለእሱ 45985 ከ45990 ያንሳል ከማለት ሌላ ትርጉም የለውም። ሁለተኛው ጥያቄያችን የሚሠራው እንዲህ በመቁጠር ነው። TODAY() የሚለውም የሚያመጣው የፈረንጁን ቀን ቁጥር ነው፤ ኅዳርን አያውቅም።

ታዲያ አንድ ሰው የፊደል ገበታውን መድረሻ በለመደው መንገድ 15/3/2018 ብሎ ቢጽፍ ምን ይሆናል? ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም መጥፎ ነው። ኮምፒዩተሩ ቀን አስቀድሞ ወር የሚያስከትል ሆኖ የተስተካከለ ከሆነ ማርች 15 ቀን 2018 በፈረንጅ አድርጎ ያነበዋል። ያ ደግሞ ከሰባት ዓመት ተኩል በፊት ያለፈ ቀን ነው። ስለዚህ ገበታው ይቀላል፤ ግን ሚዛኑም ይቀላል፤ ካርታውም ይቀላል፤ ገና ግንቦት ላይ የሚደርሰውም ሥራ ይቀላል። ያላለቀ ሁሉ ቀይ ነው። ሁሉም ከቀላ በኋላ ቀለሙን የሚያየው ማን ነው?

ኮምፒዩተሩ እንደ አሜሪካ ወር አስቀድሞ የሚያነብ ሆኖ የተስተካከለ ከሆነ ነገሩ የባሰ ነው። 15 የሚባል ወር የለምና 15/3/2018 ቀን መሆኑ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ይሆናል። ጽሑፍ ከቁጥር እንደማያንስ ከላይ ብለናል፤ ስለዚህ ያ ረድፍ ዓመት ቢዘገይም መቼም አይቀላም። በዚያው ሠንጠረዥ ላይ 5/3/2018 የተባለው ግን ሜይ 3 ተብሎ ይነበብና ሥራው ካላለቀ ይቀላል። ግማሹ ያለ ጥፋቱ ቀይ፣ ግማሹ ከነጥፋቱ ነጭ። ቀን አስቀድሞ በሚያነበው ኮምፒዩተር ላይም ቢሆን ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ብሎ የጻፈ ሰው ይኸው ይደርስበታል፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለምና። እኛ ከሁሉ የምንፈራው ነጩን ነው። ያለ ምክንያት የቀላ ረድፍ ቢያንስ ሰው ያከራክራል፤ ያለ ምክንያት ነጭ የሆነ ረድፍ ግን ማንም አይጠይቀውም።

አንዱን ከሌላው ለመለየት ዓይን ይበቃል። የማሰለፊያ አዝራሮቹ ካልተነኩ በስተቀር ኤክሴል እውነተኛ ቀንን በሴሉ ቀኝ በኩል፣ ጽሑፍን በግራ በኩል ያስቀምጣል። በቀኑ አምድ ውስጥ አንዱ ወደ ግራ ሸሽቶ ከታየ ያ ቀን አይደለም። እርግጠኛ ለመሆን በአንድ ባዶ ሴል ላይ =ISNUMBER(G3) ብሎ መጻፍ ነው፤ TRUE ካለ ቁጥር ነው፣ FALSE ካለ ጽሑፍ ነው።

መፍትሔውስ? ሁሉንም ሰው ከፈረንጅ ቀን ጋር ማታገል አይደለም። ሥራው የሚከፋፈለው፣ ስብሰባው የሚጠራው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሠንጠረዡም በዚያው መሞላት አለበት። ስለዚህ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በD፣ በE እና በF ለያይተን እንደ ተራ ቁጥር እንጽፋለን፤ 15፣ 3፣ 2018። ወደ ፈረንጅ የሚቀይረውን ሥራ ለG እንተወዋለን። G2 ላይ ይህ ይጻፋል፤ ከዚያም እስከ G25 ወደ ታች ይጎተታል፦

```
=IF(F2="","",DATE(F2+7,9,11)+(MOD(F2,4)=0)+(E2-1)*30+D2-1)
```

ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ በጣት የሚቆጠር ነው። መስከረም 1 ቀን የሚውለው ሰባት ዓመት ተጨምሮበት በሴፕቴምበር 11 ነው፤ ቀመሩ የሚነሣው ከዚያ ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን አንድ ቀን ዘግይቶ በሴፕቴምበር 12 ይብታል። ያ ዓመት ለአራት ሲካፈል ቀሪ የሌለው ነው፤ እንደ 2016 እና እንደ 2020። MOD(F2,4)=0 የሚለው ይህንን ይጠይቅና እውነት ሲሆን አንድ ቀን ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ያለው የኛ አቆጣጠር በጎነት ነው፤ ወሮቻችን ሁሉም ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ያለፉትን ወሮች በ30 ማባዛት ብቻ ነው። ፈረንጆቹ 28 እና 31 እያሉ ከሚሠቃዩበት ጣጣ ነፃ ነን። ጳጉሜንም 13 ተብላ ትጻፋለች፤ ትሠራለች።

በፊደል ገበታው ላይ እንፈትሸው። ዓመቱ 2018 ስለሆነ መነሻው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። 2018 ለአራት ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ስለዚህ ጭማሪ የለም። ኅዳር ሦስተኛ ወር ስለሆነ ሁለት ወር አልፏል፤ 60 ቀን። ቀኑ 15 ነውና 14 ይጨመራል። በድምሩ 74 ቀን ከሴፕቴምበር 11 ቢቆጠር ኖቬምበር 24 ላይ ያደርሳል። በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ሁለቱንም ቀን የያዘ የቀን መቁጠሪያ ካለ አስተያዩት። ቀመሩ እስከ 2092 ዓ.ም. ድረስ አንድ ቀን አይስትም፤ ከዚያ ወዲያ በፈረንጆቹ 2100 ምክንያት አንድ ቀን ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ የሚያስተካክለው ሰው አይጠፋም። G ላይ ቀን በመሆን ፈንታ 45985 የሚል ቁጥር ከወጣ አትደንግጡ፤ የሴሉን ዓይነት Date ማድረግ ብቻ ነው። ከተፈለገም የG አምድ ሊደበቅ ይችላል፤ ተደብቆም ሥራውን ይሠራል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ «ተፈጽሟል» የሚለው ቃል፣ የራሱ ተንኮል አለው። እኛ ስናነብ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኤክሴል ግን እንደ ሀ እና እንደ መ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። አንዱ ቡድን «ተፈጽሟል» ቢል፣ ሌላው «ተፈፅሟል» ቢል፣ ሦስተኛው «አልቋል» ቢል፣ የሁለቱ ቡድኖች ሥራ አልቆም ቀይ ሆኖ ይቀራል። ከቃሉ በኋላ ሳይታይ የገባ አንድ ባዶ ቦታም ይኸንኑ ያደርጋል። ይህ ደግሞ የቀለም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በስብሰባ ፊት ሠንጠረዡ ተዘርግቶ ሥራቸውን በጊዜው የጨረሱ ሰዎች በፊደል ምክንያት ሰነፎች ተብለው ሲታዩ ጠብ ይነሣል። መከላከያው ማንም እንዳይጽፍ ማድረግ ነው፤ ይምረጥ እንጂ አይጻፍ። ከH2 እስከ H25 መርጦ Data፣ ከዚያ Data Validation፣ Allow በሚለው ላይ List፣ Source በሚለው ላይ ሦስቱን ቃላት በነጠላ የላቲን ኮማ እየለዩ መጻፍ ነው፦

```
አልተጀመረም,በሂደት ላይ,ተፈጽሟል
```

በቀመሩ ውስጥ ያለው ቃልና እዚህ የተጻፈው ቃል አንድ መሆን አለባቸው፤ ከአንዱ ገልብጦ ወደ ሌላው መለጠፍ ይሻላል።

አንድ ነገር ቀረ። TODAY() ቀኑን የሚወስደው ከኮምፒዩተሩ ሰዓት ነው። ያረጁ ኮምፒዩተሮች በውስጣቸው ያለችው ትንሿ ባትሪ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀናቸው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የተከፈተ ሠንጠረዥ ምንም የዘገየ ሥራ የለበትም፤ በእሱ ዓለም ማንም ገና አልጀመረም። በአንድ ባዶ ሴል ላይ =TODAY() ብሎ ማየት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ሌላው ፈተና ደግሞ ይህ ነው፦ አንድ ሥራ ላይ ሆን ብሎ የትናንትን ቀን መጻፍ፤ መቅላት አለበት። የዛሬን መጻፍ፤ ነጭ መሆን አለበት። ሁኔታውን «ተፈጽሟል» አድርጎ ከትናንት ጋር መሞከር፤ ነጭ መሆን አለበት። ሦስቱን ያለፈ ሠንጠረዥ ይታመናል፤ ከዚያ እውነተኛው ቀን ይመለስ።

ሠንጠረዡ ታትሞ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ግን ቀለም ብቻውን አይበቃም። ጥቁርና ነጭ በሚያትም ማሽን ላይ ፈዛዛው ቀይ ግራጫ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ፎቶ ኮፒም ይጠፋል። በተጨማሪም ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ዓይኖች በየክፍሉ አሉ። ስለዚህ በI አምድ ላይ የዘገየበትን ቀን ብዛት ማውጣቱ ይጠቅማል፦

```
=IF(AND($G2<>"",$G2<TODAY(),$H2<>"ተፈጽሟል"),TODAY()-$G2,"")
```

በፊደል ገበታው ላይ 5 ይላል፤ በሌሎቹ ሦስቱ ላይ ባዶ ነው። 5 በማለት ፈንታ የ1900 ቀን ካሳየ የሴሉን ዓይነት General ማድረግ ነው። የታተመው ወረቀት ደግሞ ከታተመበት ቀን ወዲያ አይቆጥርም፤ ስለዚህ የታተመበት ቀን በራሱ ላይ ይጻፍበት፤ አዲሱ ሲለጠፍም የባለፈው ሳምንቱ ይነሣ።